ቀለበቱ ሲገለበጥ አልፋና ቤታን እንዴት እንለያለን?

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ደብረ ማርቆስ ነው የምማረው። ግሉኮስ ቀለበት ሲሠራ አልፋና ቤታ ይምታቱብኛል። የቱ ነው ወደ ላይ፣ የቱ ወደ ታች? ማክሰኞ ፈተና አለብኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም እዚያው ጎጃም ነው የተማርኩት። በዚህ ጥያቄ ማርክ ተበልቶብኛል፣ አስመልሼዋለሁም።

1. መጀመሪያ ኦክስጅኖቹን ለይ። የካርቦን 5 OH ነው ዞሮ ካርቦን 1ን የሚይዘው። የእሱ ኦክስጅን ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። የአልዲሃይዱ ኦክስጅን ደግሞ ሃይድሮጅን ይዞ OH ይሆንና ካርቦን 1 ላይ ይቀራል። ሄሚአሴታል ማለት ይኸው ነው። ካርቦን 6 CH2OH ሆኖ ውጭ ነው የሚቀረው። ስድስቱንም ካርቦን ቀለበት ውስጥ የሚከት ተማሪ ብዙ ነው፤ አምስት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ነው።

2. አልዲሃይዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ የካርቦን 5 OH በአንዱም በሌላውም ፊት ሊመጣበት ይችላል። ልዩነቱ ካርቦን 1 ላይ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አይነኩም።

3. «አልፋ ታች፣ ቤታ ላይ» የምትለዋን ብቻ ይዘህ እንዳትገባ! የእኛ መምህር ከእሷ ሌላ ምንም አልነገረንም። ፈተናው ላይ ግን ቀለበቱ ተገልብጦ ተስሎ መጣ። CH2OH ወደ ታች፣ የካርቦን 1 OH ወደ ላይ። ሁለቱ በተቃራኒ ጎን ናቸው፣ ስለዚህ አልፋ ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ። ቢሮው ስሄድ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ላይ ከሆነ ቤታ ነው፣ ደብተርህን አንብብ» አለኝ። ከላብራቶሪ የኳስና ዘንግ ሞዴል ተውሼ ግሉኮሱን ሠራሁና ይዤለት ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩለት። CH2OH ወደ ላይ፣ OH ወደ ታች ሆነ፤ የእሱው ደብተር አልፋ። ማርኩ ተመለሰ። ይቅርታ ግን የለም። አንተ ሁሌም ከCH2OH ጋር አነጻጽር፦ ተቃራኒ ጎን አልፋ፣ አንድ ጎን ቤታ።

4. ስሌትም ይመጣል። ንጹህ አልፋ ውሃ ውስጥ ስትጨምር የብርሃን ማዞሪያው ከ+112.2 ዲግሪ እየወረደ +52.7 ላይ ይቆማል። ንጹህ ቤታ ደግሞ ከ+18.7 ተነስቶ እዚያው ይደርሳል። ቀለበቱ እየተከፈተ እንደገና ስለሚዘጋ ነው። የአልፋውን ድርሻ ለማግኘት 52.7 ሲቀነስ 18.7፣ 34 ይሆናል። 112.2 ሲቀነስ 18.7 ደግሞ 93.5። 34ን ለ93.5 ስታካፍል 0.36 ገደማ ታገኛለህ። በቃ፣ 36 በመቶ አልፋ፣ 64 በመቶ ቤታ። ክፍት የሆነው በጣም ኢምንት ስለሆነ እዚህ አይቆጠርም። ቤታ ለምን በለጠ ካሉህ የወንበሩን ቅርጽ ሳል። የቤታው OH ወደ ጎን ወጥቶ ይመቸዋል። የአልፋው ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በዚያው ፊት ካሉት ሃይድሮጅኖች ጋር ይጋፋል።