«ያነሳችሁብኝ የበጀት ጥያቄ» ሲባል ምን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለፕሮጀክት አስተባባሪነት ተወዳድሬ ትናንት የመጨረሻውን ዙር ቃለ መጠይቅ ጨረስኩ። አራት ሰዎች ነበሩ። «ዓመቱ ተጋምሶ በጀታችሁ በ15 በመቶ ቢቀነስ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ከሁሉም መደብ እኩል እቀንሳለሁ አልኩ። ውል የተገባበት ገንዘብ እንደማይቀነስ ግን ሳልናገር ወጣሁ። በምስጋና ደብዳቤዬ ላይ ልጠቅሰው ፈልጌ እንዲህ ጀመርኩ፦ «ውድ የፓናሉ አባላት፣ ስለሰጡኝ ዕድል ላመሰግን እወዳለሁ። ያነሳችሁብኝ የበጀት ጥያቄ በጣም አስደሳች ነበር። ከእናንተ መልካም ዜና ለመስማት በጉጉት እጠብቃለሁ።» አማርኛው ልክ ነው? ጥያቄውንስ እንዴት ልጥቀሰው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ መካከለኛው ዓረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ያላሰቡት ትርጉም ሁለት ቦታ ላይ ገብቶበታል።

የመጀመሪያው የመጣው ከአንዲት «ብ» ነው። አማርኛ ግስ ላይ «ል» ስትገባ ነገሩ ለሰውየው ይሆናል፤ «ብ» ስትገባ ብዙ ጊዜ በሰውየው ላይ ይሆናል። ፈረደለት፣ ፈረደበት። መሰከረላት፣ መሰከረባት። ዝናቡ አንድ ሆኖ ለዘራችው ሴት ዘነበላት፣ ልብስ ላሰጣችው ግን ዘነበባት እንላለን። «ጥያቄ ተነሳበት» የሚለውንም የምንሰማው አንድ ጨረታ ወይም አንድ ሹመት ሲጠረጠር ነው። ስለዚህ «ያነሳችሁብኝ ጥያቄ» ሲባል ኮሚቴው እርስዎን የተጠራጠረ፣ እርስዎም ቅር የተሰኙ ይመስላል። በ«ል» ቢቀይሩትም አይሆንም። «ያነሳችሁልኝ» የሚባለው ሰው የእኛን ጉዳይ ስብሰባ ላይ ሲያነሳልን ነው። «ጠየቀ» ያለ «ል» እና ያለ «ብ» በቀጥታ ሰውን ይዞ ይሄዳል። «የጠየቃችሁኝ» ይበቃል።

ሁለተኛው «የበጀት ጥያቄ» የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ሲነገር ስለ በጀት የተጠየቀ ጥያቄ ማለት ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን የተወሰነ ትርጉም አለው። ፋይናንስ የበጀት ጥሪ ያስተላልፋል፤ የሥራ ክፍሎች የበጀት ጥያቄ ያቀርባሉ። ማለትም ይህን ያህል ገንዘብ ይመደብልን ይላሉ። ከአራቱ ጠያቂዎች አንዱ የፋይናንስ ሰው ከሆነ፣ «ያነሳችሁብኝ የበጀት ጥያቄ» የሚለውን ሲያነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ገንዘብ የመጠየቅ ጉዳይ ነው። «ስለ በጀት ዕቅድ የጠየቃችሁኝ» ቢሉ ይህ ስህተት አይኖርም። እኔ ግን ከዚህም የበለጠ እንዲቀርቡት እፈልጋለሁ። አራት ሰዎች በአንድ ቀን ብዙ ተወዳዳሪ አነጋግረዋል፤ ስለ በጀትም ከአንድ በላይ ጠይቀው ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን በርዕሱ ሳይሆን በይዘቱ ይጥሩት፦ «ዓመቱ ተጋምሶ በጀቱ በ15 በመቶ ቢቀነስ ምን እንደማደርግ ስትጠይቁኝ»። «በ15» ላይ ያለችው «በ» እንዳትጠፋ ይጠንቀቁ። «ወደ 15 በመቶ» ከሆነ ከመቶው 85 ሄደ ማለት ነው። «ታደርጊያለሽ» በቃል ሲነገር ደህና ነው። በጽሑፍ «እንደማደርግ» ሲሆን አንቺ መባሉም ይቀራል፣ ትምህርተ ጥቅስም አያስፈልግም።

«አስደሳች» የሚለውን ያውጡት። የበጀት ቅነሳ ማንንም አያስደስትም፤ ጠያቂን ማሞገስም የተፈታኝ ሥራ አይደለም። በምትኩ ጥያቄው ምን እንዳደረገዎት ይናገሩ፦ «ከወጣሁ በኋላም ሳስብበት ነበር።» እዚህ ላይ ያለችው «ብ» አትጎዳም፤ ሐሳቡ ያረፈበትን ነገር ብቻ ነው የምታሳየው።

አሁን ወደ ጎደለው ነገር። «ረሳሁት» አይበሉ። «ሳልናገር ቀረሁ» የሚለው አነጋገር ሰበብ ሳያበዛ ጉድለቱን ይናገራል። ቀጥሎ የቃላት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በንግግር «የቀረ ገንዘብ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን፦ ገና ያልወጣውን፣ እና ያልወጣም ውል ያልተገባበትም የሆነውን። ለምሳሌ የዓመቱ በጀት 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። እስከ እኩሌታው 1.8 ሚሊዮን ወጥቷል። ለደመወዝና ለቤት ኪራይ ውል የተገባበት ደግሞ 1 ሚሊዮን አለ። ያልወጣው 2.2 ሚሊዮን ቢሆንም ሊነካ የሚችለው 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው። የጠቅላላው 15 በመቶ 600 ሺህ ብር ይሆናል። የሚነካው ገንዘብ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። «ከሁሉም መደብ እኩል» የሚለው መልስዎ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ ይህን ስሌት አይጻፉት፤ የእነሱን ሂሳብ አያውቁም። «ውል የተገባበት» የሚለውን ሐረግ ግን አይተዉት። የፋይናንስ ሰው የጎደለው ምን እንደነበር ከዚያች ሐረግ ወዲያው ይረዳል።

ሌላው ቀላል ነው። «ስለሰጡኝ» ብለው ጀምረው ወደ «ያነሳችሁ» ዞረዋል። «ስለሰጡኝ» ለአንድ የተከበረ ሰው ወይም በሩቅ ላሉ ሰዎች የሚሆን ነው፤ አራት ሰው ፊት ለፊት ሲያነጋግሩ «ስለሰጣችሁኝ» ነው። አያከብርም ብለው አይስጉ። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ሲበዙ «እናንተ» ይሆናሉ። አክብሮቱን «የተከበራችሁ» ይሸከምልዎታል። «ውድ» ለአድማጭና ለወዳጅ ይስማማል፣ ለፈታኝ ግን መቀራረብ ይበዛበታል። «ፓናል» ሲባል ጆሯችን ላይ የሚመጣው የመድረክ ውይይት ስለሆነ «የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ» ይበሉ። «ላመሰግን እወዳለሁ» የመድረክ ንግግር ነው፤ «አመሰግናለሁ» ሲሉ ምስጋናው እዚያው ይፈጸማል። «መልካም ዜና» ደግሞ ውሳኔውን በእነሱ ፈንታ ይወስናል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ለተከበራችሁ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት፣

ትናንት ጊዜ ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ዓመቱ ተጋምሶ በጀቱ በ15 በመቶ ቢቀነስ ምን እንደማደርግ ስትጠይቁኝ፣ ከሁሉም መደብ እኩል እቀንሳለሁ ብዬ ነበር። ከወጣሁ በኋላም ሳስብበት ነበር። ውል የተገባበት ገንዘብ እንደማይቀነስ ሳልናገር ቀረሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የወጣውንና ውል የተገባበትን እለያለሁ፤ ቅነሳውንም ከተረፈው ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ የትኛው ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ከሥራ ክፍሎቹ ጋር እነጋገራለሁ።

ውሳኔያችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ለሰብሳቢዋ ብቻ የሚልኩት ከሆነ «ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ» የሚለው «ሰጥተው ስላነጋገሩኝ» ይሁን፤ «ውሳኔያችሁ» ግን የኮሚቴው ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። ጥያቄውን የጠየቀው ሌላ አባል ከነበረ «ስትጠይቁኝ» በሚለው ቦታ «ስጠየቅ» ያድርጉት። ማን እንደጠየቀ ሳይነካ ያልፋል።