ለቶርኖ ፈተና፦ M12 × 1.75 - 6g እንዴት ይነበባል?

«ኮምቦልቻ ነኝ። ማሽኒንግ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ለቶርኖ ኦፕሬተርነት ፈተና ተጠርቻለሁ። ድሮዊንግ ላይ M12 × 1.75 - 6g ብቻ ተጽፎ ሜጀር፣ ማይነርና ፒች ዳያሜትሩን አውጣ ቢሉኝ ምን አደርጋለሁ? ቁጥሮቹ እኮ እዛ ላይ የሉም።»

አብሽር ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ እዛው አሉ። 12 ሜጀር ዳያሜትሩ ነው፤ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ የሚለካው ውፍረት፣ በሚሊሜትር። 1.75 ደግሞ ፒቹ ነው፤ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ። በM የሚጻፍ የሜትሪክ ጥርስ ሁሉ ባለ 60 ዲግሪ ስለሆነ ጥልቀቱ ሁሌም ፒቹን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የቀሩትን ሁለቱን ለማግኘት ፒቹን በተወሰነ ቁጥር አባዝተህ ከ12 መቀነስ ነው።

```
ፒች ዳያሜትር = 12 - 0.6495 × 1.75 = 10.863
ማይነር ዳያሜትር = 12 - 1.0825 × 1.75 = 10.106
```

ፒች ዳያሜትር ማለት ጥርሱና ክፍተቱ እኩል ስፋት የሚኖራቸው ቦታ ላይ ያለው ዳያሜትር ነው። ቡሎኑና ዳዶው በደንብ መግጠማቸውን የሚወስነው በዋናነት እሱ ስለሆነ ፈታኞች እዚህ ላይ ቢያፋጥጡህ አይግረምህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማይነሩ ላይ ነው። 10.106 መነሻ ልኬቱ ነው፤ የዳዶውም ቀዳዳ ከዚህ አይጠብም። የቡሎኑ ጥርስ ሥር ግን ክብ ብሎ ትንሽ ጠለቅ ስለሚል በ1.0825 ፈንታ 1.2269 ትጠቀማለህ፤ 9.853 ይመጣል። የየትኛው እንደተጠየቅክ የሚነግርህ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው። ትንሹ g ቡሎን ነው፣ ትልቁ H ቢሆን ዳዶ ነበር።

ያ 6g ሌላም ሥራ አለው። ቡሎኑ ዳዶው ውስጥ እንዲላላ ልኬቶቹን በ0.034 ሚሜ ዝቅ ያደርግና ከዚያ በታች ቶለራንስ ይሰጣል። ሜጀሩ ከ11.701 እስከ 11.966፣ ፒች ዳያሜትሩ ከ10.679 እስከ 10.829 መሆን አለበት። እንግዲህ ዘንጉን ልክ 12.00 አድርገህ ከጨረስከው ሥራው ሪጀክት ነው። እነዚህን ገደቦች በቃል ማጥናት አይጠበቅብህም፣ ከቶለራንስ ሰንጠረዥ ነው የሚነበቡት።

M12 ብቻ ተጽፎ ፒቹ ከተተወ ኮርሱን፣ ማለትም 1.75ን ውሰድ። M12 × 1.25 ካለ ግን ፋይን ነው፤ ፒች ዳያሜትሩ 11.188 ይሆናል፣ ሁለቱ አይገጣጠሙም።

ከፈተናው በፊት መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብለህ አንድ ባለ 12 ቡሎን ግዛና በካሊፐር ለካው። አሥር ፒች ቁጠር፣ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ አሥራ አንደኛው ማለት ነው፤ 17.5 ሚሜ ከመጣ ኮርስ ነው፣ 12.5 ከመጣ ፋይን። በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ስትለካው 11.8 አካባቢ ቢመጣ ቡሎኑ አልተበላም፣ በገደቡ ውስጥ ነው። ፒች ዳያሜትሩን ግን በካሊፐር አትሞክር፤ የጥርስ ማይክሮሜትር ወይም ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፣ ፈታኙ በምን እንደምትለካው ከጠየቀህም መልሱ ይኸው ነው።