ለአንዷ እህት ብቻ የተዘጋው የሠርግ ቪዲዮ

«የታናሽ ወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ። አዲስ አበባ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ደግሞ አጎቴ ጋ ያለ ችግር ይታያል። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ግን ስትከፍተው ቪዲዮው በአገሯ እንደማይገኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይወጣባታል። ስልክ ቀየረች፤ የዩቲዩቡን አገር ‹ኢትዮጵያ› ብላ አስተካከለች። ምንም ለውጥ የለም። ሌሎች ቪዲዮዎች ሁሉ ይከፈቱላታል።»

ችግሩ የእህትዎ ስልክ አይደለም። ስልክ ወይም ኢንተርኔት ቢበላሽ፣ ወይም ድረ ገጹ ራሱ በአገሩ ቢዘጋ ኖሮ ሌሎቹም ቪዲዮዎች እምቢ ባሉ ነበር። አንድ ቪዲዮ ብቻ በአንድ አገር ሲዘጋ፣ በተለይ የሠርግ ቪዲዮ ሲሆን፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውስጡ ያለውን ዘፈን ነው።

ዩቲዩብ የተጫነን ቪዲዮ ሁሉ Content ID በሚባል ሥርዓት ይፈትሻል። የሙዚቃ ኩባንያዎች የዘፈኖቻቸውን ድምፅ አስቀድመው ያስገባሉ፤ ሥርዓቱም የእርስዎን ድምፅ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ዘፈኑ ከተገኘ ባለመብቱ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ ቪዲዮውን ማገድ፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን መውሰድ፣ ወይም የተመልካቹን ቁጥር ብቻ መከታተል። ምርጫው ደግሞ በየአገሩ ሊለያይ ይችላል። የአንድ ዘፈን መብት በአንድ አገር የአንዱ፣ በሌላው አገር የሌላ ኩባንያ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ማስታወቂያ ሲያስገባበት ሌላው ይዘጋዋል። አጎትዎና እህትዎ የተለያየ ነገር የሚያዩት ለዚህ ነው።

ጀርመን በዚህ ነገር የቆየ ታሪክ አላት። ጌማ የተባለው የሙዚቃ ደራሲዎች መብት አስከባሪ ድርጅት ከዩቲዩብ ጋር በክፍያ ሳይስማማ በመቅረቱ፣ ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ሌላው ዓለም የሚያየው ብዙ የሙዚቃ ቪዲዮ እዚያ ተዘግቶ ነበር። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ተስማምተው አብዛኛው ተከፈተ። ስለዚህ ዛሬ ጀርመን ውስጥ የሚያጋጥመው እገዳ አገሩን በሙሉ የሚመለከት ሳይሆን የአንድ ዘፈን ባለቤት ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

እህትዎ አገሩን «ኢትዮጵያ» ማለቷ ያልሠራው፣ ያ ምርጫ የሚለውጠው ገጹ ላይ የሚቀርቡላትን ቪዲዮዎች ብቻ ስለሆነ ነው። ዩቲዩብ ተመልካቹ የት እንዳለ የሚያውቀው ከአይፒ አድራሻው፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢው ከሚሰጠው ቁጥር ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ዘመድ እዚያው ሳሎን ውስጥ በኢትዮጵያ ሲም ካርድ ሮሚንግ ቢከፍተው ሊታይለት ይችላል፤ የሮሚንግ ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ በአገር ቤቱ ኔትወርክ በኩል ስለሚወጣ ነው። ያው ስልክ ወደ ቤቱ ዋይፋይ ሲቀየር ይዘጋበታል። ሁለቱን ካየ የአገር እገዳ መሆኑን መጠራጠር አያስፈልግም።

መፍትሔው ያለው በእርስዎ እጅ ነው። በኮምፒውተር YouTube Studio ውስጥ ገብተው Content የሚለውን ይክፈቱ። ከቪዲዮው ጎን Restrictions በሚለው ዓምድ ሥር Copyright የሚል ካለ ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ የትኛው ዘፈን፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው፣ በየትኞቹ አገሮች እንደታገደ ተጽፎ ያገኙታል።

እኔ ባቀናበርኩት አንድ የሠርግ ቪዲዮ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓትም፣ የምሳው ግብዣም ንጹሕ ነበር። ያስዘጋው ሙሽሮቹ ወደ አዳራሽ ሲገቡ የተከፈተ የሁለት ደቂቃ ተኩል የውጭ ዘፈን ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተቀረጸ ሠርግ በዚያች ቁራጭ ምክንያት ለቤተሰቡ እኩሌታ ተዘጋ፤ አያት ልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ሰነበቱ።

ከዚያው የYouTube Studio ገጽ ላይ ክፍሉን ቆርጦ ማውጣት፣ ዘፈኑን በሌላ መተካት፣ ወይም Erase song በሚለው ዘፈኑን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። የመጨረሻው እልልታውንና የሰዉን ድምፅ ለማስቀረት ይሞክራል፤ ሙዚቃው ጮክ ብሎ ከነበረ ግን ድምፁ ይጎረብጣል። ማስተካከያው እስኪጠናቀቅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ አድራሻው ግን አይለወጥም፣ እህትዎ በያዘችው ሊንክ ይከፈትላታል።

ቪዲዮውን Private ወይም Unlisted ማድረግ እገዳውን አያነሣም። ዘፈኑን ገዝቻለሁ ብለው Dispute እንዲጫኑም አልመክርም፤ መግዛት ለማዳመጥ እንጂ ለማሰራጨት መብት አይሰጥም፣ ባለመብቱም መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው።

ዘፈኑ በቀረጻው ጊዜ ከአዳራሹ የገባ ሳይሆን ቪዲዮ አንሺው በኋላ የደረበው ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው እርሱን መጠየቅ ነው። ያልተደረበበትን ቅጂ ካገኙ የሠርጉ እልልታና ጭብጨባ ከነሙሉ ድምፁ ይመለስልዎታል። ብዙዎቻችን ቪዲዮ አንሺዎች ሥራው ካለቀ በኋላ ዋናውን ፋይል ከሃርድ ዲስክ ስለምናጠፋ ዛሬውኑ ይደውሉለት።