«ከፋኝ» ላለችሽ ጓደኛ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «የቅርብ ጓደኛዬ ለብድር ዋስ ሁኚኝ ብላኝ አልችልም አልኳት። ትናንት ማታ "ከአንቺ ይህን አልጠበቅኩም፣ በጣም ነው የከፋኝ" ብላ ጻፈችልኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ምን ልበላት?»

እህቴ፣ እስካሁን ዝም ማለትሽ ጥሩ ነው። የእኔም ጓደኛ ዋስ ሁኚኝ ብላኝ እምቢ ስላት እንዲሁ «ከፋኝ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔ በዚያው ሌሊት ነበር የመለስኩት፣ ጦሱ ሁለት ዓመት ተከተለኝ። ጉዳዩ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ምክንያት አትደርድሪ። «ከፋኝ» ያለችሽ ሴት «ለምን?» ብላ አልጠየቀችሽም። እኔ ግን እንደተጠየቅኩ ቆጥሬ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩ እስኪግል ጻፍኩ። አራት ምክንያት ሰጠኋት። ደመወዜ አይበቃም፣ እኔም ልበደር እያሰብኩ ነው፣ ከዚህ በፊት ለወንድሜ ዋስ ሆኜ ተቸግሬያለሁ፣ ደግሞም ባለቤቴ አይፈቅድም። የመጨረሻው ውሸት ነበር። ባለቤቴ ነገሩን አልሰማም።

ጠዋት ስነሳ ለአራቱም መልስ ተሰጥቶልኛል። ደመወዝሽ እንደሚበቃ ጠይቄያለሁ፣ አንቺ እስክትበደሪ እኔ ከፍዬ እጨርሳለሁ፣ እኔ እንደ ወንድምሽ አይደለሁም፣ ባለቤትሽን ደግሞ እኔው አናግረዋለሁ። አናገረችውም! ቢሮው ደውላ። እሱም «ኧረ እኔ ምንም አላልኩም» አላት። አሁን እኔ እምቢ ያልኩ ጓደኛ ብቻ አይደለሁም፣ ውሸታምም ሆንኩ። በዚህ አልፈርድባትም፣ መንገዱን የጠረግኩላት እኔ ነኝ። ምክንያት ስትሰጪ፣ ያ ምክንያት ከተነሳ እሺ እንደምትይ እየነገርሻት ነው፤ የቸገረው ሰው ደግሞ ማንሻውን አያጣም። እውነተኛው ምክንያቴ አንድ ነበር። እሷ መክፈል ቢያቅታት ዕዳው ወደ እኔ ይመጣል፣ ያን ልሸከም አልፈለግኩም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እምቢ ስላት ብናገረው ኖሮ ያበቃ ነበር።

2. ይቅርታ ከመጠየቅሽ በፊት ለየትኛው እንደሆነ ለዪ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሲከለከል የሚከፋው ወይ በመከልከሉ ነው ወይ በአከለካከሉ። እኔ በጠየቀችኝ በመጀመሪያው ሰዓት እንደማልሆናት አውቄ ነበር፣ ግን «እስቲ ላስብበት» እያልኩ ዘጠኝ ቀን አቆየኋት። በዘጠኙ ቀን ውስጥ እሷ ሌላ ዋስ አልፈለገችም፣ እኔን ይዛ ተቀምጣለች። ይህ ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታም የሚገባው ለዚህ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ክፉ ጓደኛ ነኝ» ብዬ ለእምቢታው ለመንኳት፣ ስለዘጠኙ ቀን ግን ቃል አልተነፈስኩም። ለእምቢታው ይቅርታ ስትጠይቂ «አጥፍቻለሁ» እያልሽ ነው፤ ያጠፋ ሰው ደግሞ እንዲክስ ይጠበቃል።

ካስኩም። አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ መጣሁ። ዋስ አልሆንም ባልኩ በሳምንቱ፣ ቅያሜዋ ሲከብደኝ፣ ከቁጠባዬ አውጥቼ አበደርኳት። የፈለገችውን ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ለእኔ ግን የአንድ ዓመት ልፋት ነበር። እንዲያ ብዬ የሰላም መግዣ አደረግኩት። እሷ እንደ ብድር አላየችውም፣ እንደ ካሳ ነው የተቀበለችው። በኋላ ስጠይቃት «በዚያ ቀን ጥለሽኝ አሁን ደግሞ ለዚህች ትጠይቂኛለሽ?» አለች። ገንዘቡም ቀረ፣ እሷም ቀረች፣ በሰው መሀል ስሜ «የከለከለችኝ» ሆኖ ይነሳል። ዋስ ሆኜ ብከስር እንኳ «የረዳችኝ» እባል ነበር እያልኩ የምናደድበት ቀን አለ። (አልሆንም ማለቴ ግን አሁንም አይቆጨኝም፣ ብድሩን በሰዓቱ እንዳልከፈለች ሰምቻለሁ።)

ስለዚህ «በምን ላካክሳት» የሚል ሐሳብ በዚህ ሳምንት ከመጣብሽ እለፊው። ልትረጃት ከልብሽ ከፈለግሽ ቅያሜው ከበረደ በኋላ፣ ሳትጠየቂ፣ ከእምቢታው ጋር ሳታያይዢ አድርጊው።

3. አማላጅ፦ የጋራ ጓደኛችን ነኝ ባይ «እሷ እኮ እያለቀሰች ነው» ብላ ትደውልልሻለች። ለእኔ የደወለችልኝ ግማሽ ሰዓት ወቅሳኝ ስታበቃ «ታዲያ አንቺ ለምን ዋስ አትሆኛትም?» ስላት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ለአማላጅ የምትይው «እኔና እሷ እንነጋገራለን» ብቻ ነው። ሌላ የተናገርሽው ሁሉ ተለውጦ ይደርሳታል።

አሁን ምን ልጻፍ ላልሽው። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሌላ ከባድ ነገር ጠይቃኝ በዚያው ቀን አልችልም አልኳት። እሷም «አዘንኩብሽ» ብላ ጻፈች። አንድ ሌሊት አሳድሬ ይህን መለስኩ፦

«መልእክትሽን አነበብኩት። እኔን ተስፋ አድርገሽ ስለነበር መክፋትሽ ይገባኛል። መልሴ አልተለወጠም። ያዘንሽበትን ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ግን እሰማሻለሁ።»

ይኸው ነው። «ግን አንቺም እኮ» የለበትም፣ «እንዲህ አትሰሚው» የለበትም፣ ምክንያት የለበትም። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ጨካኝ መስሎሽ እንዳታወጪው፤ እሱ ከሌለ አሁንም በር የተከፈተ ይመስላታል፣ እንደገና ትለምናለች፣ ሁለተኛው እምቢታ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ያንቺ እምቢታ እንደኔው የዘገየ ወይም በሰው በኩል የደረሰ ከሆነ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቀጥለሽ «ሳልነግርሽ ይህን ያህል ቀን በማቆየቴ ይቅርታ» በዪ። ለእሱ ብቻ።

ደውላ ካወራችሽም እንዲሁ አዳምጫት። የአክስቴ ልጅ ደውላ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረች፣ ያረጀ ነገር ሳይቀር አነሳች። ሦስት ጊዜ ልመልስላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ሰምቼሻለሁ» አልኳት፣ ተሰነባበትን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። እኔም አላሳደድኳትም፣ «አሁንም ተቀይመሽኛል?» ብዬ አልጻፍኩም፤ እንዲያ ሲባል የከፋው ሰው ያንቺን ጭንቀት ደግሞ እንዲያስታምም መጠየቅ ነው። በአራተኛው ሳምንት የእናቷን ጤና ልጠይቅ ደወልኩ፣ ስለዚያ ጉዳይ አላነሳሁም። አጭር አጭር መለሰችልኝ። ሁለት ወር እንዲያ ቀዝቅዛ ቆየች፣ አሁን እንነጋገራለን፣ እንደ ድሮው ነው ግን አልልሽም።

አንድ የምትጠነቀቂው ነገር አለ። ያዘነ ሰው ስለ ሐዘኑ ያወራል፣ የሚጫንሽ ሰው ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ወደ ፊርማሽ ይመለሳል። ዋስ ሁኚኝ ያለችኝ ጓደኛዬ «በጣም አዝኛለሁ፣ አሁንም ቢሆን ግን እስከ ዓርብ ጊዜ አለ» ስትለኝ መንቃት ነበረብኝ። ያንቺዋ እንዲህ ካለች ሐዘኗን ደግመሽ አታንሺ፣ «መልሴ ያው ነው» በዪና ወሬውን እዚያው ላይ አቁሚ።

እስቲ እምቢ ያልሽበትን ቃል እንዳለ ጻፊልን፣ ስንት ቀን እንዳቆየሻትም ጨምሪ። ይቅርታዋን ማስገባት አለማስገባትሽን ከዚያ ነው የምናየው።