ለአለቃ ልደት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል

ጥያቄ፦ «ሥራ ከጀመርኩ ገና ወራት ነው። የመምሪያችን ኃላፊ ሐሙስ ልደታቸው ነው። ብዙም አንቀራረብም፤ ባለፈው ወር ግን የሪፖርቴን ረቂቅ ራሳቸው አርመውልኛል። ይህን ልልክላቸው አስቤአለሁ፦ ‹ክቡር አለቃዬ፣ እንኳን ተወለድክልን! የአመራር ብቃትህ ወደር የለውም። እንደ አባት ስለሚንከባከቡን ሁላችንም እናመሰግንዎታለን። ሲታዩ ገና ወጣት ነዎት! ወደፊትም ድጋፍዎ አይለየኝ።› በዛ እንዴ? ወይስ አነሰ?»

ወንድሜ፣ በዝቷል፤ መኖር የነበረበት አንድ ነገር ደግሞ ጎድሎታል። እኔ ለዓመታት የሠራሁት በአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ጽሕፈት ቤት ነው። የሚመጣውን ደብዳቤና መልእክት ከፍቼ ማቅረብ ሥራዬ ስለነበር፣ በልደታቸው ቀን የትኛውን አንብበው ፈገግ እንደሚሉ፣ የትኛውን ደግሞ ሳይጨርሱ እንደሚያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሚታለፉት ውስጥ አብዛኞቹ ያንተን ረቂቅ ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ ዓይን የሚወጋው ነገር፦ «ተወለድክልን» ብለህ ጀምረህ «ድጋፍዎ» ብለህ ጨርሰሃል። ሰውየው በአንድ መልእክት ውስጥ አንተም እርስዎም ሆኑ። ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ግማሹን ከስልክ ላይ ከተገኘ መልእክት ገልብጦ ግማሹን ራስ ሲጽፉት ነው፤ ተቀባዩም ወዲያው ያውቅበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት በምትጠራቸው ጻፍ። «አንተ በሉኝ» ያሉ ሰው ከሆኑና ቡድኑም እንደዚያ የሚጠራቸው ከሆነ፣ በልደታቸው ቀን ድንገት እርስዎ ብትላቸው የተቀየምክ ትመስላለህ። እንዲህ ያለ ልማድ ከሌለ ወይም ካላወቅህ እርስዎ ይሻላል። ጽፈህ ስትጨርስ እያንዳንዱን ግስና ባለቤትነትን የሚያሳይ ቅጥያ አንድ በአንድ ፈትሽ፤ ስህተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። «ክቡር» የሚለውን ተወው። ያ ለማመልከቻ ነው። በየቀኑ «አቶ እገሌ» ካልካቸው እዚህም አቶ እገሌ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። «የአመራር ብቃትህ ወደር የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ክፋት የለውም፤ ችግሩ ከማን እንደመጣ ነው። ብቃትን የሚመዝን ከላይ ያለ ሰው ነው፤ ጀማሪ ሠራተኛ ኃላፊውን ሲመዝን ውጤቱ ምንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን የግምገማ ቅጽ የሞላ ይመስላል። ወደር የሌለው መሆናቸውንስ ከማን ጋር አወዳድረህ አወቅህ? ገና በወራት ዕድሜ? ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያነብ የሚያስበው ነገር አንድ ነው፦ ይህ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?

ያንን ጥርጣሬ ደግሞ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ ያረጋግጥላቸዋል። «ወደፊትም ድጋፍዎ አይለየኝ» በትሕትና የተጠቀለለ ጥያቄ ነው። መልካም ምኞት ወደ እሳቸው መሄድ ሲገባው መጨረሻው ላይ ዞሮ ወደ አንተ ተመለሰ። በተለይ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ወይም የዕድገት ውሳኔ የሚጠበቅበት ወቅት ከሆነ፣ «እምነትዎ»፣ «ድጋፍዎ»፣ «ዕድል ስለሰጡኝ» የሚሉትን ሁሉ ከመልእክቱ አውጣቸው። በሌላ ጊዜ ንጹሕ የሆነ ቃል በዚያ ሳምንት ሌላ ትርጉም ይይዛል።

«እንደ አባት» ለምን እንዳልወደድኩትም ልንገርህ። አንደኛ፣ ብዙም አንቀራረብም ብለሃል፤ ባልተቀራረበ ሰው ላይ ዝምድና መጫን ነው። ሁለተኛ፣ ምናልባት ከአንተ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጡት። «ገና ወጣት ነዎት» የሚለውም ያው ነው፤ ዕድሜና መልክ ላይ አስተያየት መስጠት የጓደኛ ሥራ ነው። ደግሞም አባት ባልካቸው ማግስት ወጣት ስትላቸው የትኛውን ይመኑ? «ሁላችንም እናመሰግንዎታለን» የሚለውንም ባልደረቦችህ ወክለን ካላሉህ በስተቀር በራስህ ስም ብቻ ጻፈው።

ጎድሏል ያልኩት ነገር ከረቂቅህ ውጭ፣ ጥያቄህ ውስጥ ተቀምጧል፦ ሪፖርትህን ራሳቸው አርመውልሃል። ይህን ሌላ ማንም ሊጽፈው አይችልም። ምስጋና ከውዳሴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ውዳሴ ሰውየውን ይመዝናል፣ ምስጋና ግን በአንተ ላይ የደረሰውን ይናገራል፤ ይህን ለመናገር ደግሞ ጀማሪ መሆን አያግድም። እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እልከው ነበር፦

«አቶ እገሌ፣ መልካም ልደት። ባለፈው ወር በሪፖርቴ ረቂቅ ላይ የሰጡኝ እርማት አሁንም ስጽፍ እየጠቀመኝ ነው፤ አመሰግናለሁ። ጤናና ደስታ የሞላበት ዓመት ይሁንልዎ።»

ከዚህ በታች ስምህን ጻፍ፤ ቁጥርህ ስልካቸው ላይ ላይኖር ይችላል። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚረሱት ይህን ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ «ይሄ የማን ነው?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ።

ምስጋናው ትንሽና እውነት መሆኑን ልብ በል። «ሕይወቴን ቀየሩት» አላልንም። እርማት ሰጡ፣ ጠቀመ፣ አበቃ። ሪፖርቱን ባያርሙልህ ኖሮ መካከለኛውን ዐረፍተ ነገር አውጥቼ ሁለቱን ብቻ እልክ ነበር፤ የሌለ ትዝታ ፈጥሮ መሙላት ባዶ ከመተው ይብሳል። ምርቃትም ጥሩ ነው፤ ሃይማኖታዊ ቃል ግን እሳቸው ራሳቸው በሥራ ቦታ የሚጠቀሙበት ከሆነ ብቻ ጨምር። አለበለዚያ ጤናና ደስታ ሁሉንም ሰው ያስማማሉ።

የት እንደምትልከውም ቃሉን ይለውጠዋል። ይህ የሦስት ዐረፍተ ነገር መልእክት ለብቻቸው የሚላክ ነው። የቡድኑ የጋራ መልእክት መለዋወጫ ላይ ሌሎች «መልካም ልደት» እያሉ ከሆነ አንተም ያንኑ ብለህ እለፍ። ሰው ሁሉ አንድ መስመር በጻፈበት ቦታ አንቀጽ የሚጽፍ ጀማሪ ለአለቃው ሳይሆን ለተመልካች የሚጽፍ ይመስላል፤ የሥራ ባልደረቦችህም ይህን በቀላሉ አይረሱም። የሪፖርቱ ነገር እዚያ አይነሳ። የሚዞር ካርድ ከሆነም አንድ መስመርና ስምህ ይበቃል፤ መሃሉን ለሌሎች ተውላቸው። ማንም በጋራው ላይ ምንም ካልጻፈ ደግሞ ልደታቸው እንዲነገር ላይፈልጉ ይችላሉና አንተ አትጀምር፤ ለብቻቸው ላክ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከገቡ በኋላ ላክ። እኩለ ሌሊት ላይ የመጀመሪያው ለመሆን መሽቀዳደም ለፍቅረኛና ለወንድም ይሁን። ቀኑ ቢያልፍብህ «ዘግይቼም ቢሆን መልካም ልደት» ብለህ ቀጥል፤ ይቅርታው ከምኞቱ ከረዘመ እሳቸው አንተን ማጽናናት ሊኖርባቸው ነው። ቃለ አጋኖም አንድ ካስፈለገህ አንድ፤ የስሜት መግለጫ ምስሎችን ግን እሳቸው ለቡድኑ ሲጽፉ የማይጠቀሙ ከሆነ አንተም ተዋቸው።

«አመሰግናለሁ» ብለው ከመለሱ ነገሩ አልቋል፤ ሌላ ምርቃት አትጨምር። «ሪፖርቱስ እንዴት እየሄደ ነው?» ብለው ከጠየቁ ግን ያ የሥራ ጥያቄ ነው፤ የደረስክበትን በአጭሩ ንገራቸው።