የሰርግ ወርቅና የ1,500 ዶላር ገደብ

«ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የቤት ኢንሹራንሳችን ለዕቃ 60,000 ዶላር ይሸፍናል። የሰርግ ወርቄ እዚያ ውስጥ ይገባል ወይስ ለብቻው ማስመዝገብ አለብኝ? የግምት ወረቀት አምጪ የሚሉትስ ምን ዓይነት ነው?»

እህቴ፣ እኔም ይገባል ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፣ ሌባ እስኪገባ ድረስ። በ2021 ሜሪላንድ ተከራይተን የምንኖርበትን አፓርታማ በጠራራ ፀሐይ ሰብረው ገቡ። ሐብሌን፣ ሁለት አምባሮቼንና ጉትቻዬን ይዘው ሄዱ። ሁሉም ባለ 21 ካራት፣ በድምሩ 85 ግራም። ለዕቃ 40,000 ዶላር ሽፋን ስለነበረን ብዙም አልደነገጥኩም። የኢንሹራንሱ ሰው ግን በስልክ «ለጌጣጌጥ ስርቆት 1,500 ዶላር ነው» አለኝ። ለእያንዳንዱ መስሎኝ ነበር። ለሁሉም በአንድ ላይ ኖሯል።

ሒሳቡን እዪው። በ85 ግራም ባለ 21 ካራት ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 74 ግራም ገደማ ነው። ያኔ አንድ አውንስ (31.1 ግራም) 1,800 ዶላር አካባቢ ነበር። የእጅ ዋጋውን ትተሽ ወርቁ ብቻ 4,300 ዶላር ያወጣል።

ፖሊሲሽን አውጪና «ስፔሻል ሊሚትስ ኦፍ ላያቢሊቲ» የሚለውን ክፍል ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ ጌጣጌጥ ከተሰረቀ 1,500 ዶላር ነው። ያ 60,000 የሚባለው ቁጥር እዚህ ጋ አያድንሽም። ገደቡ በአብዛኛው የስርቆት ነው፤ ቤት ተቃጥሎ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። የወርቅ ሳንቲም ወይም ጥፍጥፍ ካለሽ ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚታይ ገደቡ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር ነው። ቀለበትሽ የት እንደወደቀ ሳታውቂ ቢጠፋብሽስ? ተራው የዕቃ ሽፋን በአብዛኛው ምንም አይከፍልም።

ስለዚህ ወርቁን በየስሙ ማስመዝገብ ነው፤ «ስኬጁል ማድረግ» የሚሉት እሱን ነው። እያንዳንዱ ጌጥ ከነዋጋው ፖሊሲው ላይ ይሰፍራል፤ እንዲሁ መጥፋትም ይሸፈናል፤ ዲዳክቲብሉም ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ወጪው በዓመት ከዋጋው ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። የ10,000 ዶላር ወርቅ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ዶላር ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ የሰጠችኝን ወርቅ ላስመዘግብ ስል የማውቀው ወርቅ ቤት «የወርቅ ሐብል፣ 6,000 ዶላር» ብሎ ማህተም መታልኝ። ኢንሹራንሱ መለሰው። ሁለተኛው ሰው ወርቅ የማይሸጥ፣ ሥራው መገመት ብቻ የሆነ ባለሙያ ነበር። ሐብሉን ለብቻው፣ አምባሩን ለብቻው መዘነ። በማጉያ መነጽር 875 የሚለውን ማህተም አነበበ (21 ካራት ማለት ነው፤ 750 ካለ 18 ነው)፤ በማህተሙ ብቻ ሳያምን ካራቱንም ፈተሸው። ርዝመቱን፣ የመቆለፊያውን ዓይነትና የድንጋዮቹን መጠን ጻፈ፤ ፎቶ አነሳ። «በአዲስ ለመተካት ሱቅ ውስጥ የሚያስወጣው ዋጋ» ብሎ ቀን ጽፎበት ፈረመ። ወርቅሽ ፒያሳ በእጅ የተሠራ ከሆነ «የእጅ ሥራ» መባሉን አረጋግጪ፤ አለዚያ በማሽን በተሠራ ሰንሰለት ዋጋ ይተምኑልሻል። ክፍያውን ከወርቁ ዋጋ በመቶኛ የሚጠይቅሽ ገማች ከመጣ ሽሺው፤ ዋጋውን በሰቀለ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነው።

«ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ» ማለትም አያዋጣም። በተለመደው ፖሊሲ የሚከፍሉሽ ከመጠገኛው፣ ተመሳሳዩን ከሚገዙበትና ከተመዘገበው ዋጋ ትንሹን ነው። «አግሪድ ቫልዩ» የሚል፣ ማለትም የተመዘገበውን ዋጋ እንዳለ እንከፍላለን የሚል ቃል ካልተጻፈ ላጋነንሽው በየዓመቱ ትከፍያለሽ፣ አታገኚውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በተቃራኒው ነው። በኦክቶበር 2025 አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር አለፈ። የኔ 85 ግራም በዚያ ዋጋ ወርቁ ብቻ 9,500 ዶላር ይሆናል። በ2021 በ6,000 አስመዝግቤው ቢሆንና አሁን ቢሰረቅ ከ6,000 በላይ አንዲት ሳንቲም አላገኝም ነበር። ስለዚህ ፖሊሲው ሲታደስ ግምቱም ይታደስ።

ከዱባይ አምባር ቢመጣልሽ ደግሞ፣ ጌጣጌጥ ቀድመሽ ካስመዘገብሽ ብዙ ፖሊሲ አዲሱን ለማሳወቅ 30 ቀን ይሰጥሻል። ያመጣልሽን ሰው ደረሰኙን አደራ በይው፤ ግራሙም ካራቱም እሱ ላይ አለ። ፎቶ አንስተሽ ለራስሽ ኢሜይል አድርጊው። የኔን ደረሰኞች ሌባው ከነሳጥኑ ነው የወሰዳቸው።