ስምንት ብርጭቆ ውኃና የሰሜራው ሚዛን

«በቀን ስምንት ብርጭቆ ውኃ መጠጣት እውነት ሕግ ነው? ሰውነቴ ውኃ እንዳነሰውስ በምን ላውቅ?»

ሕግ አይደለም። የቁጥሩ መነሻ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ የወጣ የሥነ ምግብ ምክር ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ውኃ ተስማሚ እንደሆነ ከጠቀሰ በኋላ አብዛኛው በምግብ ውስጥ እንደሚገኝ ይገልጻል። ሰው ቁጥሩን ይዞ ይህን ማብራሪያ ተወው። ወጡም፣ ሻዩም፣ ቡናውም ከውኃው ይቆጠራሉ።

እኔ የቁጥሩን ጉዳት ያየሁት ለመንገድ ቅየሳ ሥራ ሰሜራ በሄድሁ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስምንቱን ብርጭቆ ስጠጣ ሌሊት ለሽንት ከመነሣት በቀር ያተረፍሁት አልነበረም። ሰሜራ ላይ ግን በዚያው መጠን ስቀጥል ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኝ፣ ሽንቴም ይጠቁር ጀመር፤ «ስምንቱን ጠጥቻለሁ» ስለምል የውኃ እጥረት መሆኑን አልጠረጠርሁም።

አንድ የጤና ባለሙያ ባልደረባዬ ከሥራ በፊትና በኋላ እንድመዘን መከረኝ። ጠዋት ሽንቴን ሸንቼ በቀላል ልብስ ስመዘን 64 ኪሎ ነበርሁ፤ ከአምስት ሰዓት የመስክ ሥራ በኋላ ላቤን ጠርጌ፣ ያንኑ ዓይነት ደረቅ ልብስ ለብሼ ስመዘን 62.5 ሆንሁ። በመካከሉ ምግብ አልበላሁም፣ አልሸናሁም፤ የጠጣሁት 1.5 ሊትር ነው። አንድ ኪሎ ከአንድ ሊትር ጋር ስለሚቀራረብ፣ የጎደለው 1.5 ከጠጣሁት 1.5 ጋር ሲደመር ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ላብ ወጥቶኛል ማለት ነው። ጉድለቱ ከክብደቴ 2 በመቶ አልፏል፤ ድካሙ የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው። በማግስቱ በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ያህል ስጠጣ ጉድለቱ ወደ ግማሽ ኪሎ ወረደ፣ ራስ ምታቱም ተወኝ።

ከሥራ በኋላ ክብደት ጨምሮ ከተገኘ ግን ከልክ በላይ ተጠጥቷል ማለት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶ ያህሉ ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የውኃ ጥም ስለሚመስል፣ ሰው ተሳስቶ ጭራሽ ውኃ ይጨምራል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሚዛን ከሌለ በቀን ውስጥ የሽንትን ቀለም መመልከት ይቻላል። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ የጠዋቱ ሁልጊዜ ጠቆር ስለሚል በእርሱ አይፈረድም፣ የቫይታሚን ቢ ክኒንም ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል። ጤነኛ ጎልማሳ በተራ ቀን ጥሙን ቢከተል ይበቃዋል። በአረጋውያን ላይ ግን ጥም ስለሚደክም፣ እናቴ ሳይጠማቸው ከየምግቡ ጋር አንድ ብርጭቆ እንዲጠጡ እናደርጋለን። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት፤ የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ደግሞ ከሌላው ሰው አብልጦ እንዲጠጣ ይመከራል።